ዘበኛው የገዛ ቤቱን ሲያፈርስ
ስለ ልጆች የስኳር በሽታ በራዲዮ የተደረገ ንግግር



የስኳር በሽታ ሲባል ብዙዎቻችን በሐሳባችን የምናየው ዕድሜው ገፋ ያለ፣ ሰውነቱ የደነደነ፣ ከወንበሩ ብዙ የማይነሣ ሰው ነው። በየመሥሪያ ቤታችን እንዲህ ያለ ባልደረባ የማያውቅ የለም፤ ሻዩ ላይ ስኳር እንዳይጨመርበት ሲያሳስብ በየቀኑ እንሰማዋለን። ዛሬ የምናገረው ግን ስለ እርሱ አይደለም፤ ስለ ልጆች ነው። የሁለቱ ስም አንድ ይሁን እንጂ በሽታው ሌላ ነው፤ አመጣጡም ሌላ፣ አገዳደሉም ሌላ ነው። ሐኪሞች ይህን የልጆቹን በሽታ አንደኛው ዓይነት ይሉታል።

በዚሁ በአዲስ አበባ፣ በልደታ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ብዙ ሳይርቅ የምትኖር የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ በሐሳባችሁ ያዙልኝ። አባቷ እንደ እናንተ የመንግሥት ሠራተኛ ነው እንበል። ይህች ልጅ አንዲት የታወቀች ልጅ አይደለችም፤ ሐኪሞች ደጋግመው ከሚያዩት ታሪክ ሰብስቤ ያቆምኋት ምሳሌ ናት፤ ስለዚህም ስም አልሰጣትም።

ነገሩ የጀመረው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። ልጅቱ ውሃ ጥም በዛባት። ሌሊት ሁለት ጊዜና ሦስት ጊዜ ለሽንት ትነሣለች፤ ከአራት ዓመቷ ወዲህ አልጋዋን አርጥባ የማታውቀው ልጅ አንድ ሌሊት አርጥባ አደረች፤ እናቷም ተቈጣቻት። መምህሯ በአንድ ክፍለ ጊዜ ሁለት ጊዜ ትወጣለች ብላ ከሰሰቻት። ምግብ አልቀነሰችም፤ እንዲያውም ጨምራለች፤ ነገር ግን የትምህርት ቤት ቀሚሷ እየሰፋባት ሄደ። ቁመት እየጣለች ነው ተባለ፤ ወስፋት ይሆናል ተብሎም መድኃኒት ተሰጣት። ጥሙን እንዲቈርጥላት አባቷ ማታ ማታ ከሥራ ሲመለስ ለስላሳ መጠጥ ይዞላት ይገባ ነበር። ይህን ያደረገው ከፍቅር የተነሣ ነው፤ ኋላ ግን ሲያስታውሰው እንቅልፍ ነሣው።

እንግዲህ ልጅቱን እዚህ ላይ እናቁምና ወደ ሰውነቷ ውስጥ እንግባ።

ከጨጓራ ኋላ ተጋድሞ የሚገኝ ቆሽት የሚባል የሰውነት ክፍል አለ። አብዛኛው አካሉ ምግብ የሚፈጭ ፈሳሽ የሚያወጣ ነው። ይሁን እንጂ በ1869 በፈረንጆች አቆጣጠር ፓውል ላንገርሃንስ የተባለ ጀርመናዊ የሕክምና ተማሪ በዚህ ሥጋ መካከል እንደ ደሴት ተበታትነው የተቀመጡ ልዩ ልዩ ትናንሽ የሕዋስ ክምችቶች አገኘ። ሥራቸውን እርሱ አላወቀም። ዛሬ እንደምናውቀው በእነዚህ ደሴቶች ውስጥ ቤታ የሚባሉ ሕዋሳት አሉ፤ ኢንሱሊን የሚባለውን ቅመም የሚሠሩ በመላ ሰውነታችን ውስጥ እነርሱ ብቻ ናቸው።

በሌላ በኩል ደግሞ ሰውነታችን ዘበኞች አሉት፤ እነርሱም ነጭ የደም ሕዋሳት ናቸው። ከእነርሱ መካከል ቲ ሊምፎሳይት የሚባሉት የሰውነትን ሕዋስ እየዳሰሱ ይዞራሉ፤ በውስጡ ባዕድ ነገር የገባበትን ሕዋስ ሲያገኙም ይገድሉታል። እነዚህ ዘበኞች ሲፈጠሩ የቤቱን ሰው ከባዕዱ ለይተው እንዲያውቁ ይፈተናሉ፤ ፈተናውን የወደቀውም ይወገዳል። በአንዳንድ ሰዎች ላይ ግን ፈተናውን ሳያልፉ ያመለጡ ዘበኞች ይኖራሉ፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹ ቤታ ሕዋስን ጠላት ነው ብለው ይነሡበታል። ለምን ያን ጊዜ፣ ለምን በዚያ ልጅ ላይ እንደሚነሡ ሳይንስ ሙሉ መልስ አላገኘም። በዘር የሚወረስ ዝንባሌ አለበት፤ ዳሩ ግን ከታመሙት ልጆች አብዛኛዎቹ በቤተሰባቸው ውስጥ ይህ በሽታ ያለበት ሰው የላቸውም። ልጁ ስኳር ስለበላ፣ እናቱ በእርግዝና ጊዜ ስለ ደነገጠች፣ ወይም ሰው በክፉ ዓይን ስላየው አይደለም። ይህን ደጋግሞ መናገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በየቤቱ አንዱ ሌላውን ሲወቅስ ይሰማል።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። በ1965 በፈረንጆች አቆጣጠር ቪሊ ጌፕትስ የተባሉ ቤልጅጋዊ ሐኪም፣ በሽታው በጀመራቸው በጥቂት ጊዜ ውስጥ የሞቱ ወጣቶችን ቆሽት በማጉያ መሣሪያ መርምረው፣ በብዙዎቹ ዘንድ ደሴቶቹ በነጭ የደም ሕዋሳት ተከብበው አገኙአቸው። ጦርነቱ ከተካሄደበት ሜዳ ላይ ወታደሮቹን እንደ ማግኘት ነው። ቀጥሎም በ1974 ጂያን ፍራንኮ ቦታዞና ባልደረቦቹ ለንደን ላይ፣ በአንዳንድ ሕመምተኞች ደም ውስጥ በእነዚሁ ደሴቶች ላይ የተሠሩ ፀረ እንግዳ አካላት መኖራቸውን አሳዩ። ከዚያ ወዲህ የእነዚህ ዓይነቶች በየስማቸው ታውቀዋል። ከእነርሱ ሁለትና ከዚያ በላይ በደሙ የተገኘበት ልጅ ገና ምንም ሕመም ባይሰማውም በጊዜ ብዛት ወደ በሽታው መድረሱ አይቀርም ማለት ይቻላል።

ከዚህ የምንረዳው ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ ጦርነቱ ከጥሙ ይቀድማል። ወራት፣ ብዙ ጊዜም ዓመታት ይቀድማል። የልደታዋ ልጅ ገመድ ስትዘልል፣ ፈተና ስታልፍ፣ ለጥምቀት ነጭ ለብሳ ስትወጣ፣ ቤታ ሕዋሶቿ አንድ በአንድ እያለቁ ነበር። የቀሩት የሞቱትን ሥራ ደርበው እየሠሩ ስለ ነበር ማንም አላወቀም። ሠራተኛው እየተቀነሰ ሥራው ያልተጓደለበት መሥሪያ ቤት እንዲህ ነው፤ አንድ ቀን ግን የቀሩት አይበቁም። ጥሙ የመጣው በዚያን ጊዜ ነው።

ኢንሱሊን ምን ይሠራ ነበር? ሁለት ሥራ ነበረው። አንደኛው፣ በደም ውስጥ ያለው ስኳር ወደ ጡንቻና ወደ ስብ ሕዋሳት እንዲገባ በሩን ያስከፍታል። ሁለተኛው፣ ብዙ ሰው የማያውቀው፣ የግምጃ ቤቱን መዝጊያ ይዞ መጠበቅ ነው። ጉበት የስኳር ግምጃ ቤት ነው፤ ከቆዳ ሥር ያለው ስብም ለክፉ ቀን የተቀመጠ ሀብት ነው። ኢንሱሊን በደም ውስጥ እስካለ ድረስ ሁለቱም በቂ አለ የሚል ትእዛዝ ይደርሳቸዋል፤ ስለዚህ አይከፈቱም። ኢንሱሊን ሲጠፋ ያ ትእዛዝ ይቋረጣል። ጐተራው ሞልቶ ሳለ ለበላይ የሚደርሰው ሪፖርት ረኀብ ገብቷል የሚል ይሆናል። ጉበትም ስኳር ያወጣል፤ ከጡንቻ በተበተነ ሥጋ ሳይቀር ተጨማሪ ስኳር ይሠራል። የረኀብና የድንጋጤ ጊዜ ቅመሞች፣ ግሉካጎን፣ አድሬናሊንና ኮርቲዞል፣ ይህንኑ ያባብሱታል።

መጠኑን በዓይናችሁ እንድታዩት ልንገራችሁ። ሠላሳ ኪሎ በምትመዝን ልጅ ደም ሁሉ ውስጥ በጤና ቀን የሚገኘው ስኳር 2 ግራም ያህል ብቻ ነው፤ ይህም ከሻይ ማንኪያ ግማሽ አይበልጥም። በታመመች ጊዜ አምስት እጥፍ ሆነ ቢባል ሁለት የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። ነገሩ እጅግ ጥቂት ይመስላል። ነገር ግን በመቶ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ያለው ስኳር ከ180 ሚሊ ግራም ካለፈ ኩላሊት ሁሉን መልሶ መያዝ ስለማይችል ስኳሩ ወደ ሽንት ይፈስሳል፤ ስኳር ደግሞ ብቻውን አይወጣም፤ ውሃን እየጐተተ ይወጣል፤ ከውሃውም ጋር ጨውና ፖታሲየም ይሄዳሉ። ሌሊት የሚያስነሣት ይህ ነው፤ የሚያስጠማትም ይኸው ነው። ለስላሳው መጠጥ ጥሟን ለጊዜው አሳረፈ፤ ነገር ግን ስኳር በስኳር ላይ ጨምሮ ሽንቱንና ጥሙን አበዛው።

እስከዚህ ድረስ በሽታው የስኳር በሽታ ነው። ገዳዩ ግን ስኳሩ ብቻ አይደለም፤ አሲዱ ነው።

ሐሙስ ዕለት ልጅቱን ጉንፋን ያዛት፤ ጥቂትም ተኮሰች። ጉንፋን ለሌላ ልጅ ቀላል ነገር ነው። ለዚህች ልጅ ግን የድንጋጤ ቅመሞችን ጨምሮ የቀረችውን ጥቂት ኢንሱሊን ኃይል አሳጣባት። አሁን የስቡ ግምጃ ቤት ወለል ብሎ ተከፈተ። ስቡ እየተበተነ ወደ ጉበት ጐረፈ፤ ጉበቱም ወደ ኬቶን ለወጠው። ኬቶን መርዝ ሆኖ የተፈጠረ ነገር አይደለም፤ የሚጾም ሰው ሁሉ ጥቂት ይሠራል፤ አንጎልም በረኀብ ጊዜ ይመገበዋል። በጾመኛው ዘንድ ግን ጥቂት ኢንሱሊን ስላለ በሩ በልክ ይከፈታል። በዚህች ልጅ ላይ ልክ የሚያበጅ የለም። ከኬቶኖቹም ሁለቱ አሲድ ናቸው።

ዐርብ ዕለት ሆዷን አመማት፤ ታስመልስም ጀመር። የሚጠጣው ውሃ ከሆዷ ስለማይቀመጥ፣ ሽንቱ ግን ስላልቆመ፣ የምትከስረውን መተካት አልቻለችም። ቅዳሜ ወደ አንድ ክሊኒክ ተወሰደች፤ የሆድ ሕመም ነው ተብሎ መድኃኒት ተሰጣት፤ ሌላ ጊዜም ታይፎይድ ወይም ትርፍ አንጀት ይባላል። እኔ የክሊኒኩን ሰው ለመውቀስ አልቸኩልም፤ ምልክቱ በእርግጥ ያሳስታል። ነገር ግን እንዲህ ባለ ጊዜ አስተዋይ ዓይን የሚይዛቸው ሦስት ነገሮች አሉ። ትውከት አለ፤ ተቅማጥ ግን የለም። ልጅቱ ከንፈሯ ደርቆ ዓይኗ ጐድጉዷል፤ እንዲህ ውሃ የጐደለው ልጅ ሽንቱ ሊያንስ ይገባ ነበር፤ እርስዋ ግን አሁንም ብዙ ትሸናለች። ሦስተኛውም ትንፋሿ ነው።

እሑድ ትንፋሿ ተለወጠ። ጥልቅና ፈጣን ሆነ፤ ነገር ግን አታስልም፤ ደረቷም ሲደመጥ ንጹሕ ነው። ይህን አተነፋፈስ አዶልፍ ኩስማውል የተባሉ ጀርመናዊ ሐኪም በ1874 ጽፈውት ነበርና እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ምክንያቱ ይህ ነው፤ አሲዱ በደም ውስጥ ካለው ባይካርቦኔት ከሚባለው ማርከሻ ጋር ሲገናኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ ሳንባም እርሱን ወደ ውጭ ይነፋል። እንግዲህ ልጅቱ የምታለከልከው አየር አጥታ አይደለም፤ አሲዱን በአፍንጫዋ እየጠረገች ነው። ከአፏም እንደ በሰበሰ ፍሬ ወይም እንደ ጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ያለ ሽታ ይወጣል፤ ይህን ሽታ ግን ማሽተት የማይችሉ ሰዎች ስላሉ ያልሸተተው ሰው የለም ብሎ መደምደም አይገባውም። ሲመሽ ልጅቱ ዝም አለች፤ ስትጠራ ዓይኗን ትገልጥና መልሳ ትከድናለች። ቤተሰቡ ዕረፍት አገኘች ብሎ ደስ አለው።

ያን ሌሊት ጐረቤት ባይገባ ኖሮ ነገሩ በዚያው ባለቀ ነበር። እርሱ አይቷት ደነገጠና ወደ ሆስፒታል ወሰዱአት። በዚያ አንዲት ነርስ ጣቷን በመርፌ ወጋችና አንዲት ጠብታ ደም በመለኪያው ላይ አኖረች። በጥቂት ሰኮንድ ውስጥ 480 ሚሊ ግራም አለ። ለሦስት ሳምንት የጐደለው ምርመራ ይህ ብቻ ነበር። የሽንቱ ወረቀትም ለኬቶን ጥቁር ሐምራዊ ሆነ። የደሟ አሲድነት ሲለካ 7.08 ሆኖ ተገኘ። ይህ ቁጥር ፒ ኤች ይባላል፤ በጤነኛ ሰው ከ7.35 እስከ 7.45 ነው፤ ሲወርድ አሲድ በዛ ማለት ነው። ከ7.3 በታች ከሆነ ዲያቤቲክ ኬቶአሲዶሲስ የሚባለው ደረጃ ነው፤ ከ7.1 በታች ብርቱው ነው። ልዩነቱ ትንሽ አይምሰላችሁ፤ ከ7.4 ወደ 7.1 መውረድ አሲዱ እጥፍ ሆነ ማለት ነው።

ይህ የአንዲት ልጅ ዕድል ብቻ አይደለም። በ2017 በፈረንጆች አቆጣጠር በታተመ በአዲስ አበባ በተደረገ ጥናት፣ አንደኛው ዓይነት የስኳር በሽታ አዲስ ከተገኘባቸው ልጆች ከሦስቱ ከአንዱ የሚበልጡት በሽታቸው የታወቀው እዚህ ደረጃ ከደረሱ በኋላ ነበር።

ሕክምናው ሦስት ነገር ነው፤ ውሃ፣ ኢንሱሊንና ፖታሲየም። ቅደም ተከተሉ ግን ብልሃት ይጠይቃል። ልጅቱ ከክብደቷ ከመቶ ከ5 እስከ 10 ያህል ውሃ አጥታለች፤ 30 ኪሎ ብትሆን ከአንድ ተኩል ሊትር እስከ ሦስት ሊትር ማለት ነው። ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ አይሰጡአትም። በመጀመሪያው ሰዓት ከ300 እስከ 600 ሚሊ ሊትር የጨው ውሃ በደም ሥሯ ይገባል፤ የቀረው ከአንድ ቀን እስከ ሁለት ቀን ድረስ ቀስ እያለ ይሰጣል። ኢንሱሊኑም ውሃው ከጀመረ ከአንድ ሰዓት ገደማ በኋላ፣ በሰዓት ከአንድ ተኩል እስከ ሦስት ዩኒት ያህል ብቻ ይቀጥላል። አባትየው ሐኪሙ ለምን አይቸኩልም እያለ በበሩ ላይ ይመላለሳል። ከመቶ ልጆች ባልበለጠ በአንዱ ላይ የሚደርስ ነገር ግን ከሁሉ የሚፈራ አደጋ አለ፤ እርሱም በሕክምናው ሰዓታት የአንጎል ማበጥ ነው። ስለዚህ ልጅቱ ራሴን አመመኝ ብትል፣ የልብ ምቷ ቢቀንስ ወይም እንደገና ብትደነዝዝ ነርሷ ሐኪሙን ትጠራለች፤ በየሰዓቱ የምትቀሰቅሳትም ለዚህ ነው።

ፖታሲየም አስቸጋሪው ነው። በምርመራ ወረቀቱ ላይ ደህና፣ አንዳንዴም ከፍ ያለ ሆኖ ይታያል፤ ሰውነቷ ግን በሽንት አፍስሶ ጨርሶታል። ኢንሱሊኑ ሥራ ሲጀምር በደም ውስጥ ያለውን ወደ ሕዋሳት ስለሚያስገባው በድንገት ይወርዳል፤ ልብም ይደናገራል። እንግዲህ ልጅቱ መሽናቷ ከታወቀ በኋላ ወረቀቱ ደህና ቢልም ይጨመርላታል።

ሲነጋጋ ስኳሩ ወደ 250 ወረደ። በዚህን ጊዜ ነርሷ ስኳር ያለበት ፈሳሽ ሰቀለችላት፤ አባትየውም ለስኳር በሽተኛ ስኳር ትሰጫላችሁን ብሎ ጮኸ። ጥያቄው የሚገባ ነው። ነገር ግን ስኳሩ ወረደ እንጂ አሲዱ ገና አልጠፋም፤ አሲዱን የሚያቆመው ኢንሱሊን ነው፤ ኢንሱሊኑ እንዲቀጥል ደግሞ ስኳሩ ከልክ በታች እንዳይወርድ መደገፍ አለበት። ስኳሩን ብቻ አይቶ ኢንሱሊኑን የሚያቆም ሰው ልጅቱን ወደ ጀመረችበት ይመልሳታል።

ይህ ሁሉ ከአንድ ምዕተ ዓመት በፊት አልነበረም። ሌናርድ ቶምሰን የተባለ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ በጥር 1922 በፈረንጆች አቆጣጠር ቶሮንቶ ውስጥ የመጀመሪያውን ኢንሱሊን እስኪወጋ ድረስ፣ እንዲህ ያለ ልጅ የሚጠብቀው ሞት ብቻ ነበር። በመጀመሪያው መርፌ ብዙ አልተጠቀመም፤ ከዐሥራ ሁለት ቀን በኋላ በተጣራው ኢንሱሊን ግን ኬቶኑ ከሽንቱ ጠፋ፤ ዐሥራ ሦስት ዓመትም ኖረ።

በመካከሉ አንድ ነገር ልጨምር። በአገራችን ከስቶ የመጣ ወጣት የስኳር ሕመምተኛ ሁሉ በዚህ በዘበኞቹ ጦርነት የታመመ አይደለም። በጎንደር ያሉ ሐኪሞች ለብዙ ዓመታት እንደ ጻፉት፣ በገጠር ከልጅነት ጀምሮ ምግብ በማጣት የተጐዱ፣ ኢንሱሊን የሚያሻቸው ነገር ግን ወደ አሲዱ ደረጃ በቶሎ የማይወድቁ ሕመምተኞች አሉ። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን በ2025 በፈረንጆች አቆጣጠር ይህን አምስተኛው ዓይነት ብሎ ተቀብሎታል። የዛሬዋ ልጅ ግን ከእነዚያ አይደለችም።

በሦስተኛው ቀን ልጅቱ እንጀራ ለመነች። እናቷ በገዛ ሆዷ ላይ በባዶ መርፌ እየተለማመደች መውጋት ተማረች። በልደታ ክፍለ ከተማ ባለው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለሕፃናት የስኳር ሕመም የክትትል ክሊኒክ አለና፣ ወደዚያም ተመራች። የተነገራቸው ብዙ ነበር፤ እኔ አንዱን ብቻ አነሣለሁ፤ ልጅ ታሞ መብላት ሲያቅተው፣ ካልበላች ለምን ትወጋለች ብሎ ኢንሱሊኑን ፈጽሞ ማቆም አደገኛ ነው። በሕመም ጊዜ ስኳሩና ኬቶኑ ቶሎ ቶሎ ይለካል፤ መጠኑ በሐኪም ምክር ይስተካከላል፤ ነገር ግን አይቋረጥም። ስቡ የሚከፈተው መብል ስላለ አይደለምና፤ ኢንሱሊን ስለሌለ ነው።

ከአምስት ሳምንት በኋላ አንድ ያልታሰበ ነገር መጣ። በቀን 20 ዩኒት ስትወጋ የነበረችው ልጅ 8 ዩኒት በቃት፤ ከዚያ በላይ ከተወጋች ስኳሯ ወርዶ ትንቀጠቀጣለች። አያቷ ጸበል አስጠምቀዋት ነበርና ልጄ ተፈወሰች፣ መርፌው ይቅር አሉ፤ ዘመድም አብሮ አለ። ሐኪሞች ይህን የጫጉላ ጊዜ ይሉታል። ስኳሩ ሲረጋጋ በጦርነቱ የተረፉት ጥቂት ቤታ ሕዋሳት ዕረፍት አግኝተው እንደገና ሥራ ይጀምራሉ፤ ለሳምንታት ወይም ለወራት ይሠራሉ። ዘበኞቹ ግን ከደጁ አልሄዱም። በዚህ ጊዜ መርፌው ቆሞባቸው ሁለተኛ ጊዜ አሲድ በደማቸው መልቶ የሚመጡ ልጆች አሉ።

አባትየው እናቱን አከበራቸው፤ ጸበሉንም አልከለከለም። 8 ዩኒቱን ግን ጧት ከቢሮ ከመሄዱ በፊት ራሱ ይወጋ ነበር፤ በደብተርም እየጻፈ። በስድስተኛው ወር ደብተሩ ላይ የተጻፈው መጠን 11 ሆነ፤ በስምንተኛው 16።